የብድር ዋስ የሆነ ሰው ደብዳቤ ጽፎ ከዋስትና መውረድ ይችላል?

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በአንድ ፊርማ ነው። ብድር የሚወስድ ዘመድ ወይም የሥራ ባልደረባ ይመጣና «ለፎርማሊቲ ነው፤ ዋስ ሁኚኝ» ይላል። ፈራሚዋ ከመሥሪያ ቤቷ የደመወዝ ማስረጃ አጽፋ ትሰጣለች፤ ውሉን በወጉ ሳታነብ፣ ቅጂውንም ሳትወስድ ትመለሳለች። ጉዳዩ እንደገና ትዝ የሚላት ተበዳሪው ሥራ ሲለቅ፣ አገር ሲቀይር ወይም ከአበዳሪው ስልክ ሲደወልላት ነው። ያን ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ደብዳቤ ጽፌ መውረድ እችላለሁ?

በኢትዮጵያ ሕግ የዚህ ጥያቄ መልስ የሚወሰነው ዋሱ በገባበት ዕዳ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ዋስ የሚጽፈው ደብዳቤ ማስታወቂያ ነው፤ አበዳሪው ተስማማም አልተስማማ ውጤት ይኖረዋል። የሌላው ደብዳቤ ግን ጥያቄ ብቻ ነው፤ አበዳሪው በጽሑፍ «እሺ» እስካላለ ድረስ ግዴታው እንዳለ ይቀጥላል። ብዙ ዋሶች የሚጎዱት ሁለተኛውን ዓይነት ደብዳቤ ጽፈው የመጀመሪያውን ያስገቡ መስሏቸው በመተኛታቸው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ሁለት ምሳሌዎችን እንውሰድ። ሁለቱም ለማብራሪያ የተዘጋጁ እንጂ የተወሰኑ ሰዎች ታሪክ አይደሉም።

መምህሯና ነጋዴው

የመጀመሪያዋ መምህርት ናት። ለሥራ ባልደረባዋ ከአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም ለተሰጠ 300,000 ብር ዋስ ሆናለች። ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ተከፍሏል፤ የሚመለሰውም በ36 ወራት ነው። ተበዳሪው ለ14 ወራት ሳያቋርጥ ከከፈለ በኋላ ሥራ ሊለቅ መሆኑን ሰማች። በዚያ ዕለት የቀረው ዕዳ 205,000 ብር ነው እንበል።

ሁለተኛው ነጋዴ ነው። ወንድሙ ዕቃ ለማምጣት ሲፈልግ ከባንክ እያወጣ፣ ሲሸጥ የሚመልስበት፣ ጣሪያው 1,000,000 ብር የሆነ የብድር ሂሳብ አለው። ነጋዴው ለዚህ ሂሳብ እስከ 600,000 ብር ድረስ ዋስ ሆኖ ፈርሟል። ውሉ ዋስትናው የሚቆይበትን ጊዜ አይገልጽም። ወንድማማቾቹ አሁን ተጣልተዋል፤ ነጋዴውም መውረድ ይፈልጋል።

በ1952 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ዋስትና ከቁጥር 1920 ጀምሮ ይደነግጋል። በመሠረቱ ዋስ ማለት ባለዕዳው ግዴታውን ሳይፈጽም ቢቀር እኔ እፈጽማለሁ ብሎ ለባለገንዘቡ ቃል የገባ ሰው ነው። ቃሉ የተሰጠው ለባለገንዘቡ እንጂ ለተበዳሪው አይደለም። ስለዚህ ተበዳሪው «አውርጄሻለሁ» ቢልም፣ በሽማግሌ ፊት ቢፈርምም፣ ባለገንዘቡ እስካልተስማማ ድረስ ለዋሷ የሚፈይደው ነገር የለም።

የመምህሯ ዋስትና መጠኑ ለታወቀና ቀድሞ ለተሰጠ ብድር የተገባ ነው። ተቋሙ ገንዘቡን ያወጣው የእሷን ፊርማ ተማምኖ በመሆኑ፣ አሁን በራሷ ፈቃድ ብቻ ልታነሳው አትችልም። ባልደረባዋ ሥራ መልቀቁም ሆነ እሷ ሐሳቧን መቀየሯ ግዴታውን አያስቀርም።

ነጋዴው ግን የተለየ በር አለው። ቁጥር 1925 ለወደፊት ለሚመጣ ወይም በሁኔታ ላይ ለተመሠረተ ግዴታም ዋስ መሆን እንደሚቻል ከፈቀደ በኋላ፣ የዋስትናው ዘመን በውሉ ካልተወሰነ፣ ዋናው ዕዳ የሚከፈልበት ጊዜ እስካልደረሰ ድረስ ዋሱ ግዴታውን ሊሽር እንደሚችል ይደነግጋል። የነጋዴው ወንድም ገና ያላወጣው ገንዘብ የወደፊት ዕዳ ነው። ነጋዴው ዛሬ የመሻሪያ ደብዳቤ ለባንኩ ቢያደርስ፣ ወንድሙ ነገ ለሚያወጣው ገንዘብ ባንኩ ወደ እሱ ሊመለከት አይችልም።

የደብዳቤው ዋጋ በብር ሲሰላ

ነጋዴው ደብዳቤውን ባስገባበት ዕለት ወንድሙ ያወጣውና ያልመለሰው ገንዘብ 250,000 ብር ነበር፤ የመክፈያ ጊዜውም ገና አልደረሰም እንበል። ከስድስት ወር በኋላ ዕዳው 900,000 ብር ደረሰና ወንድሙ መክፈል አቆመ።

ደብዳቤ ባይኖር ኖሮ ባንኩ ነጋዴውን የሚጠይቀው በጣሪያው ልክ 600,000 ብር ነው። ደብዳቤው ካለ ግን ክርክሩ የሚቀረው በ250,000ው ላይ ብቻ ነው። ዋሱ «በዚያ ዕለት የመክፈያ ጊዜው ስላልደረሰ እሱም ተሽሯል» ሊል ይችላል፤ የሕጉ ቃልም ለእሱ ያደላል። ባንኩ በበኩሉ «ገንዘቡን የሰጠሁት በዋስትናህ ነው» ብሎ ይሟገታል። ያንን የሚፈታው ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ የተጨመረው 650,000 ብር ግን ከነጋዴው ጫንቃ ላይ ወርዷል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የዋስትና ውሉ የሚለው ይኸው ከሆነ ነው። ብዙ ባንኮች በሚያዘጋጁት ቅጽ ላይ ዋስትናው «ብድሩ ከነወለዱ ተከፍሎ እስኪያልቅ የጸና ነው» የሚል ሐረግ ይገኛል። ባንኩ ይህ ሐረግ ዘመኑን ይወስናል ብሎ ሊከራከርበት ስለሚችል፣ ከመጻፍ በፊት ውሉን ማንበብ የግድ ነው። ቅጂው በእጁ የሌለ ዋስ የመጀመሪያ ደብዳቤው የውሉን ቅጂ የሚጠይቅ ሊሆን ይገባል።

ደብዳቤው ምን ይላል?

የነጋዴው ደብዳቤ አጭር ነው። ምክንያት መዘርዘር፣ የቤተሰብ ጸብ መተረክ አያስፈልገውም። የሚከተለውን ያህል ይበቃዋል፦

> ጉዳዩ፦ የዋስትና ግዴታዬን መሻሬን ስለማሳወቅ
>
> በ… ቀን … ዓ.ም በተፈረመው፣ ቁጥሩ … በሆነው የዋስትና ውል፣ ለአቶ … የብድር ሂሳብ እስከ 600,000 ብር ዋስ መሆኔ ይታወቃል። ውሉ የዋስትናውን ዘመን አልወሰነም። ስለዚህ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1925 መሠረት፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰበት ዕለት ጀምሮ ዋስትናዬን የሻርኩ መሆኔን አሳውቃለሁ። ከዚህ ዕለት በኋላ ለሚወጣ ገንዘብ፣ ለሚጨመር የብድር ጣሪያ ወይም ለሚደረግ እድሳት ዋስ አይደለሁም። ደብዳቤው በደረሰበት ዕለት የነበረውን ዕዳ፣ ከዚህም ውስጥ የመክፈያ ጊዜው የደረሰውን ለይታችሁ በጽሑፍ እንድታሳውቁኝ እጠይቃለሁ።

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር ከሁሉ ያላነሰ ጥቅም አለው። በኋላ ክርክር ቢነሳ፣ በዚያ ዕለት ዕዳው ስንት እንደነበር የሚያሳየው ከባንኩ የተገኘ ወረቀት ነውና።

የመምህሯ ደብዳቤ «ሽሬአለሁ» ቢል ከንቱ ነው። የሚሻላት ጥያቄ አቅርቦ አማራጭ መስጠት ነው፤ ለምሳሌ በእሷ ምትክ ሌላ ዋስ እንዲቀርብ፣ ወይም ተበዳሪው መኪናውን አስይዞ እሷ እንድትለቀቅ፣ አልያም ዋስትናዋ ከ300,000 ብር ወርዶ በቀረው 205,000 ልክ እንዲወሰን። አበዳሪ ባዶ ልመናን ይጥላል፤ የተሻለ መያዣ ይዞ የመጣን ግን ይሰማል።

ጥያቄዋ ተቀባይነት ባያገኝ እንኳ ደብዳቤው አንድ ነገር ሊያደርግላት ይችላል። ቁጥር 1922 ዋስትና በግልጽ ካልተነገረ እንደማይገመት፣ ከተዋዋሉበትም ወሰን አልፎ ሊሰፋ እንደማይችል ይናገራል። ተበዳሪው ነገ ሄዶ «ሌላ 100,000 ጨምሩልኝ» ቢል፣ እሷ ያልፈረመችበት ጭማሪ አይመለከታትም። ስለዚህ በደብዳቤዋ ላይ «ያለ እኔ የጽሑፍ ስምምነት ለሚደረግ ጭማሪ ወይም አዲስ ብድር ዋስ አይደለሁም» የሚል መስመር ታስገባ። ዕዳውን አያጠፋላትም፤ አጥር ግን ያበጅለታል።

ደብዳቤው መድረሱ በምን ይታወቃል?

ደብዳቤን ለሚያውቁት የብድር ሠራተኛ በእጅ መስጠት የተለመደ ስህተት ነው። ሠራተኛው ይዛወራል፤ ደብዳቤውም ከመሳቢያ አይወጣም። የሚሻለው በሁለት ቅጂ አዘጋጅቶ አንዱን ለቅርንጫፉ መዝገብ ቤት ገቢ ማድረግ፣ በሁለተኛው ላይ ደግሞ የገቢ ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ማኅተም አስደርጎ መውሰድ ነው። አልቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ በፖስታ ቤት መላክና ደረሰኙን መያዝ ይቻላል። ግልባጩ ለተበዳሪው ይሂድ። ይሉኝታ ይዟቸው ይህን የሚተዉ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ተበዳሪው ዜናውን ከባንኩ ከሚሰማ ከዋሱ ቢሰማው ይሻላል።

ዋሱ ውጭ አገር ከሆነ መንገዱ ይረዝማል እንጂ አይዘጋም። በዱባይም ሆነ በዋሽንግተን ያለ ሰው በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ በኩል ውክልና ሰጥቶ፣ ወኪሉ በስሙ እንዲጽፍና መልስ እንዲቀበል ማድረግ ይችላል። ውክልናው «ከዋስትና ግዴታ ጋር በተያያዘ ደብዳቤ ማስገባት፣ መሻር፣ መዋዋልና መፈረም» የሚለውን በግልጽ መያዝ አለበት፤ ለቤት ኪራይ የተሰጠ ውክልና ለዚህ አይሆንም። ከአገር መውጣት በራሱ ከዋስትና አያወጣም።

«ችግር የለም» የሚለው ቃል

ብዙ ሰው የሚወድቅበት ሌላው ጉድጓድ ምትክ ዋስ ሲገኝ ነው። ተበዳሪው አዲስ ዋስ ያመጣል፤ አዲሱ ሰው ይፈርማል፤ የብድር ሠራተኛው ለመምህሯ «በቃ፣ አንቺ ወርደሻል፤ ችግር የለም» ይላታል። በወረቀት ላይ የሆነው ግን አንድ ዋስ የነበረው ብድር ሁለት ዋስ ማግኘቱ ብቻ ሊሆን ይችላል። የአዲሱ መፈረም የአሮጌውን ፊርማ አይሰርዝም።

የዋስትና ውል በጽሑፍ መሆን ካለባቸው ውሎች አንዱ ነው፤ በልዩ አጻጻፍ የተደረገ ውል የሚለወጠውም በዚያው አጻጻፍ እንደሆነ ሕጉ ይደነግጋል። ስለዚህ መምህሯ መቀበል ያለባት በተቋሙ ሥልጣን ያለው ኃላፊ የፈረመበት፣ የብድሩንና የዋስትናውን ውል ቁጥር የሚጠቅስ፣ «ከ… ቀን ጀምሮ ከዋስትና ግዴታዋ ሙሉ በሙሉ ተለቃለች» የሚል ደብዳቤ ነው። «ጥያቄዎ ደርሶናል» ወይም «ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ መልቀቂያ አይደለም። መሥሪያ ቤቷ የደመወዝ ማስረጃ ጽፎ ከነበረም የመልቀቂያው ግልባጭ ለሰው ኃይል ክፍሉ መድረስ አለበት፤ አለበለዚያ ዓመት ቆይቶ የደመወዝ ቅነሳ ጥያቄ ሲመጣ የሚያውቅ ሰው አይኖርም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ያልተጻፈበት የዋስትና ውል ውጤት እንደማይኖረው ይደነግጋል። ውሏን ስታገላብጥ ይህ ቁጥር ቦታው ባዶ ሆኖ ያገኘች ዋስ ልቀቁኝ ብላ ከመለመኗ በፊት የሕግ ባለሙያ ታማክር፤ መከራከሪያዋ መውረድ ሳይሆን ውሉ ከመጀመሪያውም አልጸናም የሚለው ነውና። እንዲህ ባለ ጊዜ አበዳሪው «ፋይሉን ለማስተካከል ነው» ብሎ አዲስ ቅጽ ሊያቀርብ ይችላል። ያንን መፈረም ጉድለቱን በገዛ እጅ መሙላት ነው።

በውሉ ውስጥ «በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነኝ» የሚል ቃል አለመኖሩንም ማየት ያስፈልጋል። ይህ ቃል ካለ፣ በቁጥር 1933 መሠረት ባለገንዘቡ ተበዳሪውን ሳይጠይቅ፣ መያዣውንም ሳይሸጥ በቀጥታ ወደ ዋሱ መምጣት ይችላል። እንዲህ ያለ ዋስ የክፍያ መዘግየት ምልክት እስኪያይ መጠበቅ አይገባውም።

ያልፈረመው የትዳር ጓደኛ

በትዳር ውስጥ ላለ ሰው እምብዛም የማይታወቅ መንገድ አለ። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ከሚጠይቁ ተግባራት መካከል ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆንን ይጠቅሳል። ባል ሚስቱ ሳትስማማ ዋስ ሆኖ ከሆነ፣ ሚስት ግዴታው እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ትችላለች፤ ለባልም እንዲሁ። ጊዜው ግን አጭር ነው፦ ያልተስማማው ወገን ጉዳዩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ በማናቸውም ሁኔታ ዋስትናው ከተገባ 2 ዓመት ሳያልፍ ክሱ መቅረብ አለበት። ይህ ሕግ የሚሠራው በአዲስ አበባና በድሬዳዋ ነው፤ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው የዚያው ቦታ ሕግ መታየት አለበት።

መብቱ የትዳር ጓደኛው እንጂ የፈራሚው አይደለም። በዚህም የተነሳ ባንኮች የሚስትን ወይም የባልን ፊርማ አጥብቀው ይጠይቃሉ። «ያላገባሁ ነኝ» የሚል ማስረጃ ሰጥቶ የፈረመ ባለትዳር ግን ሌላ ጣጣ ውስጥ ይገባል።

በጎረቤት አገሮች

ተመሳሳይ ልዩነት በአካባቢው ባሉ አገሮችም ይታያል። ከ1872ቱ የሕንድ የውል ሕግ የተቀዳው የታንዛኒያ የውል ሕግ ለተከታታይ ግብይቶች የተሰጠ ዋስትና ለወደፊቶቹ ግብይቶች ለባለገንዘቡ በሚሰጥ ማስታወቂያ ሊሻር እንደሚችል ይናገራል። በኬንያ «ሳኮ» በሚባሉት የቁጠባና ብድር ማኅበራት አባላት የሚዋዋሱት በራሳቸው ቁጠባ ነው። ለሌላ አባል ዋስ የሆነ ሰው ማኅበሩን ለቆ ቁጠባውን ለመውሰድ ሲፈልግ በተለምዶ ምትክ ዋስ እንዲያቀርብ ወይም ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ እንዲጠብቅ ይደረጋል።

ዕዳው ካለቀ በኋላ የሚቀረው ወረቀት

የመምህሯ ባልደረባ የቀረውን 205,000 ብር ከፍሎ ቢጨርስ፣ ዋናው ዕዳ ሲጠፋ ዋስትናውም አብሮት ይጠፋል። እሷ ግን ተበዳሪው በቃል የሚነግራትን አምና ከመቀመጥ፣ ብድሩ መዘጋቱን የሚገልጽ ደብዳቤ በራሷ ስም መጠየቅ ይኖርባታል።

ለሌላ ሰው ብድር ቤቱን ወይም መኪናውን ያስያዘ ሰው ከዚህ በላይ ሥራ አለበት። ብድሩ እስካለ ድረስ ባንኮች በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥተው የተያዘውን ንብረት ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በጨረታ መሸጥ ይችላሉ። ብድሩ ሲዘጋ ደግሞ በመዝገቡ ላይ የሰፈረው እግድ ራሱን አይሰርዝም። ባንኩ ለመሬት አስተዳደሩ ወይም ለትራንስፖርት ቢሮው የእግድ ማንሻ ደብዳቤ መጻፍ፣ ባለንብረቱም ያንን ይዞ ሄዶ እግዱ መነሳቱን ከመዝገቡ ማረጋገጥ፣ ካርታውን ወይም ሊብሬውንም መልሶ መረከብ አለበት። ይህን ያላደረገ ሰው ከዓመታት በኋላ መኪናውን ሊሸጥ ገዢ ይዞ ሲሄድ፣ ተበዳሪው ቀድሞ በጨረሰው ዕዳ ምክንያት ስም ማዛወር እንደማይችል ይነገረዋል። ያን ጊዜ ወደ ባንኩ ቅርንጫፍ ተመልሶ፣ የተዘጋ ፋይል አስፈልጎ፣ ደብዳቤውን እንደ አዲስ ማስጻፍ ይጠበቅበታል።